ኒሞቶራክስ፦ መቼ ይጠበቃል፣ መቼ በመርፌ ይመጠጣል፣ መቼ ቱቦ ይገባል?

«በአዋሽ ሸለቆ ባለ ሆስፒታል የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። የ24 ዓመት ረጅም፣ ቀጭን ወጣት ትናንት ማታ ቀኝ ደረቱን ድንገት ወግቶት መጣ። የቆየ በሽታ የለበትም። ራጁ ላይ ትልቅ ኒሞቶራክስ አለ፤ መሃል ላይ ስለካው 3 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጁ ግን አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ያወራል፤ ኦክስጅኑ ያለ ማስክ 96 ነው። ቱቦ ላስገባ ስል አንዱ ባልደረባዬ ‹በመርፌ ምጠጠው› ይለኛል፣ ሌላው ‹ተወው፣ በራሱ ይድናል› ይላል። ወይስ አዲስ አበባ ሪፈር ልበለው? ቱቦ ካስገባሁስ ነርሶቹ ምን ይከታተሉ?»

3 ሳንቲ ሜትሩ ብቻውን ቱቦ አያስገባም። ለረጅም ጊዜ የምንወስነው በመጠን ስለነበረ ራጁን አይቶ መደንገጥ ልማድ ሆኖብናል። የብሪታንያ የደረት ሕክምና ማኅበር በፈረንጆች 2010 ያወጣው መመሪያ፣ በሳንባው ጠርዝና በደረት ግድግዳው መካከል በሂለም ደረጃ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ አየሩ እንዲወጣ ይመክር ነበር። የዚህ ቁጥር መነሻ ቀላል ሒሳብ ነው። የደረቱን አንድ ጎን 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሉል አድርገው ይውሰዱት። ከዚህ ስፋት 2 ሳንቲ ሜትር የሸሸ ሳንባ 8 ሳንቲ ሜትር ይቀረዋል። ይዘት የሚሰላው በሦስተኛ ደረጃ ስለሆነ 512ን ለ1000 ሲያካፍሉ ግማሽ ያህሉ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። በእርስዎ ታካሚ 3 ሳንቲ ሜትር ስለሸሸ የቀረው ከሲሶ ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ቦታ በአየር ተይዟል። ቁጥሩ ያስፈራል። ልጁ ግን ቁጭ ብሎ ያወራል፤ ምክንያቱም ሌላኛው ሳንባው ጤነኛ ስለሆነ ሥራውን ይሸፍንለታል።

ይህን በጥናት ያሳዩት የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ሐኪሞች ናቸው። በ2020 በወጣው ጥናታቸው የሳንባ በሽታ የሌለባቸው፣ መካከለኛና ትልቅ ኒሞቶራክስ የያዛቸው 316 ሰዎች ነበሩበት። ግማሾቹ ቱቦ ገባላቸው፤ ግማሾቹ ማስታገሻ ወስደው እንዲጠበቁ ተደረገ። ከተጠበቁት ውስጥ 85 ከመቶ የሚሆኑት ምንም ዓይነት ቱቦ ሳያስፈልጋቸው ቀርተዋል። ከ8 ሳምንት በኋላም የሁለቱም ወገን ሳንባ በአብዛኛው ተመልሶ ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና የያዛቸው ደግሞ በተጠበቁት ዘንድ ያነሱ ነበሩ። የማኅበሩ የ2023 መመሪያም በዚህ መሠረት ተቀይሮ፣ ምልክቱ ቀላል ለሆነ እንዲህ ላለ ሰው የክፍተቱ መጠን ምንም ይሁን መጠበቅ ይቻላል ይላል። ስለዚህ «ተወው» ያለው ባልደረባዎ ልክ ነው፤ «ተወው» ማለት ግን «ሂድ» ማለት አይደለም።

መጀመሪያ የሚረጋገጠው ዓይነቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ውሳኔ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። በሳንባው ሽፋንና በደረቱ ውስጠኛ ሽፋን መካከል ያለው ቦታ ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት አለው፤ ሳንባውን ዘርግቶ የሚይዘው እሱ ነው። አየር ሲገባበት ሳንባው በራሱ የመለጠጥ ኃይል ይሸበሸባል። እንደዚህ ያለ ረጅምና ቀጭን ወጣት ላይ አየሩ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በሳንባው ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ የአየር ከረጢት ስትፈነዳ ነው። ሲጋራ አደጋውን በብዙ እጥፍ ይጨምረዋል። ይህ ያለ መነሻ በሽታ የሚመጣው፣ አንደኛ ደረጃ ድንገተኛ የምንለው ነው። ሳንባው ቀድሞ የታመመ ከሆነ ሁለተኛ ደረጃ ይባላል፤ በእኛ አገር ከሁሉ በፊት የሚታሰበው ቲቢ ነው። ቀጥሎ ዕድሜ ልክ በጭስ ማዕድ ቤት የኖሩ እናቶች ሳንባ፣ ኤችአይቪ ባለበት ሰው የሚመጣ የሳንባ ምች፣ አስምና የሲጋራ ሳንባ ይመጣሉ። በአደጋ የመጣና በእኛው እጅ የመጣ ደግሞ አለ፤ ለምሳሌ የደረት ውሃ ስንቀዳ ወይም አንገት ሥር ካቴተር ስናስገባ። ልጁን ስለ ሳል፣ ስለ ሌሊት ላብ፣ ስለ ክብደት መቀነስና ቤት ውስጥ ስላለ የቲቢ ታማሚ በደንብ ይጠይቁት። የሌላኛውን ሳንባ ራጅ ደግሞ ረጋ ብለው ይዩት። አክታ ካለው ጂንኤክስፐርት ይላኩ። «የቆየ በሽታ የለበትም» የሚለው ቃል የሚታመነው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁሉም ንጹሕ ከሆነ ለዚህ ልጅ የምመክረው ጥበቃ ነው። ማስታገሻ በደንብ ይስጡት፤ ውጋቱ ካልታገሠለት በጥልቀት አይተነፍስም፣ እርስዎም ሕመሙን ከትንፋሽ ማጠር መለየት ይቸግርዎታል። ቢያንስ ለ4 ሰዓት አልጋ ላይ ያቆዩት፤ ከዚያ ራጁን ይድገሙና በመተላለፊያው ላይ ያስሂዱት። እየሄደ ማውራት ከቻለ፣ ያለ ኦክስጅን ከ92 በላይ ከሆነ፣ አየሩም ካልጨመረ መንገዱ ትክክል ነው። ቤቱ ከሆስፒታሉ አጠገብ ከሆነና ሌሊት የሚያመጣው ሰው ካለ መሸኘት ይቻላል። ሁለት ሰዓት በእግር የሚሄድ ከሆነ ግን አንድ ወይም ሁለት ሌሊት አስተኙት፤ ጥናቶቹ የተሠሩት አምቡላንስ በደቂቃዎች በሚደርስበት አገር ነው። በማግስቱ፣ በሳምንቱ፣ ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ ራጅ ይነሳ። አየሩ በቀን ከደረቱ ጎን ይዘት 2 ከመቶ ገደማ ብቻ ስለሚመጠጥ ይህ ልጅ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ከአንድ ወር በላይ ይፈጅበታል። ይህን ቀድመው ካልነገሩት በሁለተኛው ሳምንት «አልዳንኩም» ብሎ ሌላ ቦታ ሄዶ ቱቦ ያስገባል።

ሪፈሩን በተመለከተ፣ «ለጥንቃቄ» ተብሎ የሚጻፍ ሪፈር ራሱ አደጋ አለው። ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ገደማ ወደ 2,400 ሜትር ይሄዳል። የውጭው አየር ግፊት ሲቀንስ ደረት ውስጥ የታሰረው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሰፋል። ቁጭ ብሎ ያወራ የነበረው ልጅ መንገድ ላይ ማቃሰት ሊጀምር ይችላል፤ እዚያ ደግሞ አጠገቡ ያለው ሾፌርና ምናልባት አንድ ነርስ ነው። መሄድ ያለበት ትንፋሽ ያጠረው ሰው ከሆነ አየሩ ወጥቶለት፣ ቱቦው እየሠራ መሆኑ ታይቶ ይሂድ።

ጥበቃው የሚቆመው ትንፋሹ ሲያጥር፣ ውጋቱ በማስታገሻ አልታገሥ ብሎ መራመድ ሲያቅተው፣ ወይም ራጁ ላይ አየሩ ጨምሮ እሱም ሲብስበት ነው። እዚህ ላይ ነው መርፌው የሚመጣው። በመርፌ መምጠጥ የሚጠቅመው ያለ መነሻ በሽታ ለመጣ፣ ትንፋሽ ላጠረው፣ የደም ግፊቱ ግን ደህና ለሆነ ሰው ነው። ከእያንዳንዱ ሁለት ሰው አንዱን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከቱቦ ያድናል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ልጁን ከወገቡ ቀና አድርገው ያስተኙት። ከክላቪክል መሃል ወርደው ሁለተኛው የጎድን ክፍተት ላይ፣ ወይም ከብብት በታች ቱቦ በሚገባበት ቦታ ሊዶኬይን እስከ ፕሉራው ድረስ ይውጉ። ከታችኛው ጎድን የላይ ጠርዝ ተጠግተው 16 ወይም 18 ጌጅ ካኑላ ያስገቡ፤ ሥሩና ነርቩ የሚሄዱት በእያንዳንዱ ጎድን የታች ጠርዝ ሥር ነውና። አየር ሲመጣ መርፌውን አውጥተው ፕላስቲኩን ይተዉት፤ ባለ ሦስት መንገድ መዝጊያና ባለ 50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያገናኙ። አንድ ሰው እየቆጠረ ይጻፍ። ሲሪንጁ አልሳብ ሲል ወይም ልጁ በኃይል ማሳል ሲጀምር ያቁሙ። 2.5 ሊትር፣ ማለትም 50 ሲሪንጅ ሞልቶ አሁንም አየር እየመጣ ከሆነም ያቁሙ፤ ቀዳዳው አልተዘጋም ማለት ስለሆነ ከዚያ በኋላ መምጠጥ ድካም ነው። ራጁ ሲደገም ትንፋሹ ተሻሽሎ ክፍተቱ ከጠበበ ሥራው ተሳክቷል። ካልተሳካ ሁለተኛ አይምጠጡ፤ ቀጥታ ወደ ቱቦ ይሂዱ። ሁለተኛ መሞከር የሚገባው ካኑላው ታጥፎ ወይም ወጥቶ ከነበረ ብቻ ነው።

አሁን በዚያው ክፍል ሌላ ታካሚ ያስቡ። የ48 ዓመት እናት ናቸው፤ ከዓመታት በፊት የቲቢ መድኃኒት ጨርሰዋል፤ የግራ ሳንባቸው ላይ ጠባሳ አለ። የቀኙ ክፍተት 1.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከልጁ ግማሽ። ነገር ግን አረፍተ ነገር መጨረስ አቅቷቸዋል፣ ኦክስጅናቸው 86 ነው። በመጠን የሚወስን ሰው ልጁ ላይ ቱቦ አስገብቶ እኚህን እናት «ትንሽ ነው» ብሎ ያስቀምጣቸዋል። እሳቸው ግን የሚተርፍ ሳንባ የላቸውም። ሳንባው የታመመ ሰው ትንፋሽ ካጠረው ቱቦ ይገባለታል፤ መርፌ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ምልክት ባይኖረው እንኳ ተኝቶ፣ ኦክስጅን አግኝቶ፣ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይታያል፤ ወደ ቤት አይላክም። የጭስ ወይም የሲጋራ ሳንባ ካለበት ኦክስጅኑ 88 እስከ 92 ላይ ይያዝ። ቲቢው አሁንም ንቁ ከሆነ የአየሩ መፍሰስ ለሳምንታት ሊቆይ እንደሚችል ለቤተሰቡ ይነገር፤ መድኃኒቱም ከቱቦው ጋር አብሮ ይጀመር።

እንደዚህ ባለ ሳንባ አንድ ወጥመድ አለ። በቲቢ የተፈጠረ ትልቅ ጉድጓድ ወይም ያበጠ የአየር ከረጢት ራጅ ላይ ኒሞቶራክስ መስሎ ይታያል፤ ቱቦ ከገባበት ሳንባው ራሱ ይቀደዳል። በኒሞቶራክስ የሳንባው ጠርዝ ቀጭን መስመር ሆኖ ወደ ደረቱ ግድግዳ ያበጠ ቅስት ይሠራል። በከረጢት ግን መስመሩ ተገልብጦ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ይሆናል። ጥርጣሬ ካለዎትና ታካሚው ከተረጋጋ የድሮ ራጁን ያስፈልጉ፤ ሲቲ ካለ ይነሳ።

ምንም ምርጫ የሌለበት ሁኔታ ደግሞ አንድ ነው፤ አየሩ እየገባ መውጫ ሲያጣ። ታካሚው ይጨነቃል፣ ልቡ ይሮጣል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ በዚያ ጎን የትንፋሽ ድምፅ አይሰማም። የመተንፈሻ ቱቦው ወደ ሌላው ጎን እስኪዞር አይጠብቁ፤ ያ ዘግይቶ የሚመጣ ምልክት ነው። ራጅም አይላክ። ለአዋቂ ሰው አራተኛ ወይም አምስተኛ የጎድን ክፍተት ላይ፣ ከብብት መሃል መስመር ትንሽ ወደ ፊት፣ ያለዎትን ረጅሙን ትልቅ ካኑላ ይውጉ። በወፍራም ሰው ተራው ካኑላ ፕሉራው ላይ ላይደርስ ይችላል። ካልሠራ በዚያው ቦታ ቆዳውን ቆርጠው በጣትዎ ይክፈቱ። ካኑላ በደቂቃዎች ውስጥ ይታጠፋል ወይም ይደፈናል፤ ስለዚህ ቱቦው ወዲያው መከተል አለበት። በአደጋ የመጣና ደም የተቀላቀለበት፣ ወይም በማሽን የሚተነፍስ ሰው ላይ ያለ ኒሞቶራክስም በአብዛኛው ቱቦ ነው።

ቱቦው የሚገባበት ቦታ ከፊት በደረት ጡንቻ ጠርዝ፣ ከኋላ በጀርባ ጡንቻ ጠርዝ፣ ከታች በጡት ጫፍ ደረጃ በሚያልፍ መስመር የታጠረ ነው። ከዚያ በታች ሲወረድ ጉበትና ጣፊያ ይወጋሉ፤ ሰው ተኝቶ ሲተነፍስ ድያፍራም ከምንገምተው በላይ ከፍ ይላል። ሊዶኬይኑን አይቆጥቡ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ሲሰላ የ1 ከመቶው እስከ 18 ሚሊ ሊትር ይሄዳል። ለአየር ብቻ ከሆነ 14 ፍሬንች የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ይበቃል፤ ከሌለ ያለዎትን ያስገቡ። ሹል ብረት ያለው ዘንግ ቱቦው ውስጥ ካለ ያውጡት፤ በፎርሴፕስ ከፍተው፣ በጣት ዳሰው ነው የሚገባው። በቱቦው ጎን ያሉት ቀዳዳዎች ሁሉ ደረት ውስጥ መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ጠርሙሱ ለብዙ ነርሶች እንቆቅልሽ የሚሆነው ሥራው ስላልተነገራቸው ነው። ከታካሚው የሚመጣው ቱቦ ጫፉ ከውሃው በታች 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጠልቃል። አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ ውሃው ስለሚከለክለው አይመለስም። የጠርሙሱ ሌላኛው ቀዳዳ ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ የወጣው አየር መሄጃ ካጣ ግፊቱ ወደ ደረት ይመለሳል። ጠርሙስ ሲጠፋ የሽንት ከረጢት የሚያስሩ አሉ። ለአየር ይህ አደገኛ ነው፤ ከረጢቱ ማናፈሻ ስለሌለው ሲሞላ እንደ ተዘጋ ቱቦ ይሆናል። ጠርሙሱ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ከደረት በላይ ከተነሳ ውሃው ወደ ደረት ይሳባል።

ነርሶቹ በየ4 ሰዓቱ ሁለት ነገር አይተው ይጻፉ፦ ታካሚው ሲተነፍስ ውሃው በቱቦው ውስጥ ይወጣል ይወርዳል ወይ፣ ሲያስልስ አረፋ አለ ወይ። ውሃው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ቱቦው ክፍት ነው። መንቀሳቀስ ካቆመ ወይ ታጥፏል፣ ወይ ተደፍኗል፣ ወይ ሳንባው ተመልሶ ቀዳዳውን ሸፍኗል። ብርድ ልብሱን ገልጦ ከደረት እስከ ጠርሙስ በእጅ መከተል የመጀመሪያው ምርመራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ታካሚው ተኝቶበት ይገኛል። ሳያቋርጥ የሚወጣ አረፋ ካለ ደግሞ ከሳንባው ነው ወይስ ከማገናኛው የሚለው ይለያል። ደረቱ አጠገብ ቱቦውን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያዝ ያድርጉት። አረፋው ከቆመ አየሩ የሚመጣው ከደረት ነው። ከቀጠለ ከያዙበት በታች ያለ ማገናኛ ላልቷል። ቆዳው ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ እብጠት ከመጣ ቱቦው ተደፍኗል ወይም ቀዳዳው ከደረት ውጭ ወጥቷል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይደረግ፤ አረፋ የሚያወጣ ቱቦ ታስሮ አይቆይ። ልምምድ ላይ በነበርኩበት ሆስፒታል አንድ ሰው ከዋርድ ወደ ራጅ ክፍል ሲሄድ «ውሃው እንዳይደፋ» ተብሎ ቱቦው በሁለት ክላምፕ ተያዘ። ራጅ ክፍሉ ወረፋ ነበረው። ስደርስ አስታማሚው ወንድሙ ግንባሩን በነጠላ እየጠረገለት ነበር፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ የአንገቱ ሥሮች ተገታትረዋል፣ የልቡ ምት 150 ነበር። ክላምፖቹን ስፈታ ጠርሙሱ እንደ ፈላ ድስት ተንተከተከ፤ በደቂቃዎች ውስጥም ሰውየው ዓይኑን ገለጠ። ቱቦ ያለው ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርሙሱ ከጉልበቱ በታች ተይዞ አብሮት ይሄዳል፤ ክላምፕ አያስፈልገውም። ቱቦው ከጠርሙሱ ከተላቀቀ ጫፉን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከተው እንደገና ያገናኙ። ከደረቱ ጨርሶ ከወጣ ደግሞ ቀዳዳውን በጎዝ ሸፍነው በሦስት ጎን ብቻ በፕላስተር ይለጥፉና ታካሚውን ሳይለቁ ሐኪም ይጥሩ።

መሳቢያ ማሽን በመጀመሪያው ቀን አይገናኝ፤ ለቀናት ተሸብሽቦ የቆየ ሳንባ በአንድ ጊዜ ሲዘረጋ ውሃ ይቋጥራል። ማሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና የኦክስጅን መውረድ ከቱቦው በኋላ ከመጣ ይህንን ያስቡ። አረፋው ከ3 እስከ 5 ቀን ካልቆመ ታካሚው የደረት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ይላክ። ከቆመ ደግሞ 24 ሰዓት አረፋ ሳይኖር፣ ራጁም ሳንባው መመለሱን ሲያሳይ ቱቦው ይወጣል። አንዱ ይስባል፣ ሌላው ክሩን ያስራል፤ ታካሚው ትንፋሹን ወደ ውጭ ገፍቶ እንዲይዝ ይነገረው። በማግስቱ ራጅ ይደገም።

ልጁን በቱቦም ይሁን ያለ ቱቦ ሲያሰናብቱ ሲጋራና ሺሻ እንዲተው በግልጽ ይንገሩት። ራጁ ሙሉ በሙሉ መዳኑን ካሳየ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞላው አውሮፕላን አይሳፈር፤ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ሊሄድ ቲኬት የቆረጠ ወጣት ሆኖ ስለሚገኝ ሳይጠየቁ ይንገሩት። በታመቀ አየር ጋን የሚደረግ የባሕር ጠለቃ ለዘለቄታው የተከለከለ ነው። ከሦስቱ አንድ ያህሉ እንደገና ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ ያው ውጋት ሲመለስ በዚያው ሰዓት እንዲመጣ ይወቅ። ሁለተኛ ጊዜ በዚያው ጎን ከመጣ፣ ወይም በሌላው ጎን ከያዘው፣ ያኔ አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፉለት፤ የሚጻፈውም ለቱቦ ሳይሆን ሽፋኑን ከደረቱ ጋር ለማጣበቅ ለሚደረገው ቀዶ ሕክምና ነው።